የጾም ኬክ ታዞ የፍስክ ሄደብኝ፤ ለደንበኛዋ ምን ብዬ ልጻፍላት?

ሰብለ ኬክ ቤት · ሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ዛሬውኑ መልስ መስጠት ስላለብኝ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ታገሱኝ።

ሰሚት አካባቢ ትንሽ ኬክ ቤት አለኝ። ሁለት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። አንዲት ደንበኛ ለትናንት እሁድ፣ ለልጇ ክርስትና፣ ሦስት ኪሎ የጾም ኬክ አዝዛ ነበር። ዋጋው 5,400 ብር ነው፣ ሙሉውን በቴሌብር ቀድማ ከፍላለች። በዚያው ቀን ለሌላ ቤት ደግሞ ሦስት ኪሎ የፍስክ ኬክ ለልደት ወጥቷል። ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ነጭ ክሬም፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ካርቶን ውስጥ። የወሰደውም አንድ ሞተረኛ ነው፣ ሁለቱ ተለዋውጠዋል።

ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሴትዮዋ እያለቀሰች ነው። ኬኩ ተባርኮ፣ ተቆርሶ፣ ለእንግዳ ታድሎ፣ ነፍስ አባቷም ቀምሰው ካበቃ በኋላ አንዲት ዘመዷ «ይሄ እኮ ቅቤ አለው» ብላ ሳህኑን አስቀመጠች። ቤቱ ጸጥ አለ አለችኝ። በዐቢይ ጾም፣ አርባ ሰው ፊት። ስልኩን ይዤ ቆሜ የምለው ጠፋኝ።

ማታ በቴሌግራም ረጅም መልእክት ላከችልኝ። ገንዘቤን መልሱ ትላለች። ለሞራሌ 60,000 ብር ክፈሉኝ ትላለች። አማቴ ሆዳቸውን አሟቸው ክሊኒክ ገብተዋል፣ የሕክምናውንም ክፈሉ ትላለች። እስከ ረቡዕ መልስ ካላገኘች ጠበቃ ይዛ እንደምትመጣ፣ ቪዲዮም እንደምትለቅ ጽፋለች።

እኔ ሌሊት የጻፍኩት ይሄ ነው። ገና አልላክሁትም።

> «ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው። በሠራተኞቻችን ቸልተኝነት የተነሳ ቤተሰብዎን ጾም አስገድፈናል፣ እናታችንንም አሳመናል። ለደረሰብዎት የሞራል ጉዳት ካሳ ለመክፈል ዝግጁ ነን።»

ባለቤቴ አነበበውና «ይሄን ከላክሽ ቤቱን ዝጊው» አለኝ። እሱ የጻፈው ደግሞ ይሄ ነው።

> «ለተፈጠረው አለመመቻቸት ይቅርታ እየጠየቅን ድርጅታችን ለሚነሱ የካሳ ጥያቄዎች ምንም ዓይነት ሕጋዊ ኃላፊነት እንደማይወስድ እንገልጻለን።»

የሱንም መላክ አልቻልኩም። ያችን ሴት እንዲህ ብዬ አላናግራትም። በሁለቱ መሀል መንገድ አለ?

---

ሲልቨር ስፕሪንግ · ሰኞ፣ 3፡05

እህቴ፣ ባለቤትሽ ልክ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ኬተሪንግ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንድ ሠርግ ላይ ሰሊጥ የማይስማማው ልጅ ሰሊጥ ያለበት ነገር በላብኝ። ደንግጬ ለእናቱ «የኔ ጥፋት ነው፣ የሆስፒታሉን እኔ እከፍላለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። ኢንሹራንሴ ሲሰማ በጣም ተቆጣ። ውሉ ላይ ያለፈቃዳችን ክፍያ ከከፈልክ ወይም ግዴታ ከገባህ ከኪስህ ነው ይላል። ሁለት ወር ተሟግቼ ነው የተስማማነው። ከዚያ ወዲህ ይቅርታ የሚባል ቃል አልጽፍም። «መልእክትዎ ደርሶናል፣ እያጣራን ነው» ብቻ። አንቺም እንደዚያ አድርጊ።

---

ሸማች ነኝ · ሰኞ፣ 3፡20

እኔ ሻጭ አይደለሁም፣ በሴትዮዋ ወንበር ተቀምጬ አውቃለሁ። የሠርጌ ቀሚስ በሌላ ጥለት ተሠርቶ መጥቶልኝ ነበር። ባለሱቁ «ለተፈጠረው አለመመቻቸት» ብሎ ጻፈልኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምፈልገው ቀሚሱ እንዲስተካከል ብቻ ነበር። ያንን ቃል ካነበብኩ በኋላ ነው ንግድ ቢሮ የሄድኩት። አለመመቻቸት ማለት ታክሲ ሲጠፋ ነው። «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚለውም ያው ነው። እባክሽ የሆነውን ነገር በስሙ ጥሪላት። የጾም አዝዛ የፍስክ መጣላት፣ አለቀ።

---

ልደታ ሰፈር · ሰኞ፣ 3፡50

ጠበቃ ነኝ። ፋይልሽን ሳላይ የምሰጥሽ አስተያየት ነው፣ 60,000 ብር ከምር ከመጣ ሰው ቀጥረሽ አማክሪ። የደብዳቤውን ጉዳይ ግን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የራስሽን ረቂቅ ተመልከቺ። እኛ አገር ሰው ሲታረቅ የሚለው ቃል «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ነው። ሽማግሌ ፊት ከዚህ የተሻለ ቃል የለም። ችግሩ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም አንድን ሰው ካሳ የሚያስከፍለው በዚሁ ቃል መሆኑ ነው። ጥፋት። አንቺ ለእርቅ ብለሽ የጻፍሽውን «ጥፋቱ የእኛ ነው» ነገ ዳኛ ሲያነበው ለካሳ የሚጠየቀውን ጥፋት አምነሻል ሊል ይችላል። «ቸልተኝነት» ደግሞ ከዚያ ይብሳል። አንቺ ገና ሠራተኛው ይሁን ሞተረኛው ሳታውቂ የምክንያቱን ስም ሰጥተሽዋል። «ካሳ» የሚለው ቃልም ጉዳት መኖሩንና ጉዳቱ ካንቺ መምጣቱን አብሮ ይናገራል። «እናታችንን አሳመናል» የሚለው ከሁሉ የከፋ ነው። አማቷን ምን እንዳመማቸው አንቺ ሐኪም ነሽ?

«ኃላፊነቱን እንወስዳለን» ልትዪም ታስቢ ይሆናል። ያም ሁለት ፊት አለው። በሰፈር ቋንቋ «ዞር አልልም፣ አስተካክላለሁ» ማለት ነው። በሕግ ቋንቋ ደግሞ ተጠያቂ ነኝ፣ እከፍላለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን አታስቀምጪው። ኃላፊነትሽ የነበረውን ነገር ራሱን ጻፊው። «ያዘዙትን በትክክል ማድረስ የእኛ ሥራ ነበር፣ አላደረስንም።»

አሁን ወደ ባለቤትሽ። እሱ የሚክደው የማይካድ ነገር ነው። የተሳሳተ ኬክ መሄዱን ሁሉም ያውቃል፣ ኬኩ ፎቶ ተነስቷል፣ አርባ ምስክር አለ። በውል ሕጋችን ደግሞ ውሉን ያልፈጸመ ሰው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ «የተሳሳተ ኬክ ሄዷል» ብለሽ ስትጽፊ ብዙ የምታጪው ነገር የለም። የምትጠብቂው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ለምን ሆነ፣ ማን አደረገው፣ ምን አስከተለ፣ ስንት ያወጣል። እነዚህ አራቱ ገና አልታወቁም፣ ያልታወቀ ነገር ደግሞ አይጻፍም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወንድሜ፣ ያንተን እረዳለሁ። ኢንሹራንስ ካለ መጀመሪያ መደወል ያለበት እዚያ ነው፣ በዚህ ልክ ነህ። ግን አንተን የጎዳህ ይቅርታው አይደለም። «የኔ ጥፋት ነው» እና «እኔ እከፍላለሁ» ናቸው። ይቅርታና አዝናለሁ ብቻ ስትል ሌላ ነገር ነው።

ሰብለ፣ ሁለት ነገር ንገሪኝ። ኬኮቹ መለዋወጣቸውን በምን አወቅሽ? ስታዝዝስ የነፍስ አባቷን ነገር ነግራሽ ነበር?

---

ብሩክ ሞተር · ሰኞ፣ 4፡10

ሁሌም ሞተረኛ ላይ ነው የሚላከከው። እኔ በዚህ ሥራ አራት ዓመቴ ነው። ሱቁ ሁለት አንድ ዓይነት ካርቶን ይሰጠኛል፣ ከላይ ምንም አልተጻፈም፣ «ይሄ ወደ ሲኤምሲ፣ ያ ወደ አያት» ይለኛል። ቦርሳው ውስጥ አንዱ ላይ አንዱን ደርቤ ስሄድ የትኛው የቱ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ካርቶኑን ከፍቼ ማየት አይፈቀድልኝም። ከፍቼ ብቀምስ ደግሞ ሌባ ትሉኛላችሁ።

---

ሰብለ ኬክ ቤት · ሰኞ፣ 4፡25

ብሩክ፣ ማንም ሞተረኛውን አልከሰሰም። ግን የጻፍከው አስደነገጠኝ፣ እኛም ልክ እንደዚያ ነው የምንሰጠው። ካርቶኑ ላይ አንጽፍም። ስም የምንጽፈው ኬኩ ያረፈበት ሰሌዳ ላይ፣ ከሥር ነው።

ልደታ ሰፈር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጠየቅከኝ የመጀመሪያው፣ መለዋወጣቸውን በግምት ነው የጻፍኩት። ሁለተኛው፣ አዎ። ስታዝዝ በቴሌግራም «ነፍስ አባቴ ስለሚመጡ የጾም መሆኑን አደራ» ብላኛለች፣ እኔም «አያሳስብዎት» ብዬ መልሻለሁ። አሁን ሳነበው ሆዴ ይረበሻል።

---

ባለ ኦቨኑ · ሰኞ፣ 4፡40

እኔ ቦሌ ቡልቡላ ኬክ እጋግራለሁ። ተለዋወጠ ከማለትሽ በፊት ቆም በይ። ሌላ መንገድም አለ። የጾም ክሬም ብለን የምንመታው ዱቄት አንዳንዱ ላይ «ወተት የሌለበት» ተብሎ ተጽፎ ከኋላ በጥቃቅን ፊደል ሶዲየም ኬዚኔት የሚል አለ። እሱ ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላውቅ እየመታሁ ለጾመኛ ሸጫለሁ፣ ሳስበው እስካሁን ያሳዝነኛል። አሁን የምገዛው ከኋላ ያለውን አንብቤ ነው። የኬኩን ሊጥ በዘይትና በውሃ፣ በትንሽ አቼቶና በቤኪንግ ፓውደር ብትሠሪውም ክሬሙ ካበላሸው ያው ነው።

ቅቤ ግን ሌላ ነው። የቅቤ ክሬም ቀዝቀዝ ሲል ይጠጥራል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ቀስ ብሎ ይቀልጣል። የጾሙ ክሬም አየር ነው፣ ወዲያው ይጠፋል። ዘመዷ ቅቤ አለው ካለች ምላሷን እመኚያት። ግን ከመጻፍሽ በፊት የልደቱ ቤት ደውዪና የነሱ እንዴት እንደነበር ጠይቂ። የነሱም ቅቤ ከነበረበት አልተለዋወጠም ማለት ነው፣ ችግሩ ወጥ ቤትሽ ውስጥ ነው። ያኔ ደብዳቤው ሙሉ በሙሉ ሌላ ይሆናል።

---

እማማ ዘነበች · ሰኞ፣ 4፡55

ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ለምን አስፈለገ? ነጠላሽን ልበሺ፣ አንድ ትልቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ ደጃፏ ላይ ይቅርታ በያት። ክርስትና ነው፣ የልጅ ደስታ ነው። ነፍስ አባቷም ሳያውቁ የቀመሱትን ያውቃሉ። በስልክ የተጻፈ ይቅርታ ይቅርታ አይደለም።

---

ልደታ ሰፈር · ሰኞ፣ 5፡15

እማማ፣ እውነትዎን ነው። መሄዱ ከማንኛውም ደብዳቤ ይበልጣል። ግን ዛሬ ሳይጻፍ ከቀረ ረቡዕ ቪዲዮው ይወጣል። ስለዚህ ዛሬ አጭር መልስ፣ ቀጥሎ መሄድ።

ሰብለ፣ የባለ ኦቨኑን ምክር አሁኑኑ አድርጊው። የልደቱ ቤት ደውዪ። ለእነሱም ይቅርታ ማለት አለብሽ እኮ፣ እነሱም ያዘዙትን አላገኙም።

«አደራ» የሚለው መልእክት ክብደት አለው። ውል ሲገባ አንዱ ወገን ልዩ ሁኔታውን አስቀድሞ ከነገረ፣ ሌላው ውሉን ሳይፈጽም ሲቀር የሚታሰበው ኪሣራ ከተለመደው ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ ያንን መልእክት በደብዳቤሽ ውስጥ እንደገና ባትጠቅሺው ይሻላል። አትካጂው፣ አታጥፊውም። ቴሌግራም ላይ አለ፣ ይኑር። ማጥፋት ከሁሉ የባሰ ነው።

---

ሸማች ነኝ · ሰኞ፣ 5፡25

በዚህ አልስማማም። ሴትዮዋ መስማት የምትፈልገው ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። «አደራ እንዳሉኝ አልረሳሁም» የሚለውን። እሷን ካወጣችሁ ቀሪው የቢሮ ወረቀት ነው። ደግሞ ማስረጃው በእጇ ነው፣ ሰብለ ብትጽፈውም ባትጽፈውም ምን ይጨምራል?

---

ልደታ ሰፈር · ሰኞ፣ 5፡35

ማስረጃው በእጇ ነው፣ ልክ ነሽ። እኔ የደንበኛዬን ፍላጎት ነው የማስበው፣ ስለዚህ አውጪው እላለሁ። ውሳኔው የሰብለ ነው።

---

ጥልፍ ቤት · ሰኞ፣ 5፡50

ይቅርታ በመሀል ገባሁ። እኔ ሽሮ ሜዳ ነኝ። ደንበኛዬ ቀሚሱ አጠረብኝ ብላ ገንዘቧን ትጠይቃለች፣ ግን ልኩን የሰጠችኝ ራሷ ናት። ልመልስላት?

---

ልደታ ሰፈር · ሰኞ፣ 6፡00

ጥልፍ ቤት፣ ያንቺ ሌላ ነው፣ ማን ተሳሳተ የሚለው ገና ክርክር ውስጥ ነው። የሰብለ ላይ ግን ክርክር የለም። ልኩን የላከችበትን መልእክት አስቀምጪና ለብቻው ክር ክፈቺ።

---

ሰብለ ኬክ ቤት · ሰኞ፣ 6፡30

የልደቱ ቤት ደወልኩ። ሴትዮዋ ሳቅ ብላ «ደረቅ ብሎን ነበር፣ ልጆቹ ግን በሉት» አለችኝ። የኬኩን ሰሌዳ ገልብጪልኝ አልኳት። ከሥሩ በእኔው እጅ ጽሑፍ «ጾም/ክርስትና» ይላል። ፎቶ ላከችልኝ። ተለዋውጠዋል። የነሱንም 5,400 ብር እመልሳለሁ አልኳት፣ ግማሹን ብቻ ተቀበለች።

ማን እንደቀያየረው ግን አላወቅሁም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «በትክክል ነው ያስረከብኩት» ትላለች። ሞተረኛው «የተባልኩበት ነው ያደረስኩት» ይላል። ሁለቱም የሚዋሹ አይመስለኝም።

ስለ 60,000ው ምን ልበላት? ባለቤቴ ለሞራል ጉዳት ሕጉ ጣሪያ አለው ብሎ ሰምቷል።

---

ልደታ ሰፈር · ሰኞ፣ 6፡55

አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይላል። ሕጉ በወጣበት ጊዜ 1,000 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር። ግን ይሄን ለሷ እንዳትጽፊላት። አርባ ሰው ፊት ያለቀሰች ሴት «ሐዘንሽ 1,000 ብር ነው» ሲባል ምን እንደሚሰማት አስቢው። ጣሪያው ደግሞ የሞራሉን ብቻ ነው የሚነካው። ከኪሷ በእርግጥ ያወጣችው፣ ለምሳሌ የክሊኒኩ ወጪ፣ በኬኩ ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠ ለብቻው ነው የሚታየው። ስለዚህ በደብዳቤው ለ60,000ው አዎም አይሆንምም አትበዪ። መስማትሽን ብቻ አሳዪና በአካል እንነጋገር በዪ።

5,400ው ላይ ግን አታመንቺ። በሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ በ813/2006ቱ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ ማለት ይችላል። ስለዚህ ገንዘቧን ስትመልሺ እንደ ውለታ አታቅርቢው። «ቪዲዮ ካልለቀቁ» የሚል ቅድመ ሁኔታም አታስገቢ። ስትልኪ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «የትዕዛዝ ገንዘብ ተመላሽ» ብለሽ ጻፊ። ካሳ አትበዪ። እውነቱም እሱ ነው፣ ተመላሽ ነው።

«ይህ መልእክት ጥፋትን ማመን አይደለም» የሚል መስመርም አትጨምሪ። ጠበቆች እንወደዋለን፣ እኔም ለኩባንያ ስጽፍ አስገባዋለሁ። እዚህ ግን ይቅርታውን ይበላዋል። ያልታወቀውን ካልጻፍሽ መስመሩ አያስፈልግሽም።

---

ሰብለ ኬክ ቤት · ሰኞ፣ 7፡40

እንዲህ ጽፌዋለሁ። እስከ 8 ሰዓት እልካለሁ፣ ያያችሁትን ንገሩኝ።

> «ጤና ይስጥልኝ። ሰብለ ነኝ፣ የኬክ ቤቱ ባለቤት።
>
> ለልጅዎ ክርስትና ያዘዙን የጾም ኬክ ነበር። የደረሰዎት የፍስክ ነው። ሌላ ቤት መሄድ የነበረበት ኬክ ወደ እርስዎ መጥቷል፤ ዛሬ ጠዋት ወደዚያ ቤት ደውዬ አረጋግጫለሁ። ያዘዙትን በትክክል ማድረስ የእኛ ሥራ ነበር፣ አላደረስንም። የጾም መሆኑን አደራ እንዳሉኝም አልረሳሁም።
>
> በልጅዎ ቀን፣ በነፍስ አባትዎና በእንግዶችዎ ፊት ይህ በመሆኑ ከልቤ አዝኛለሁ። ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።
>
> የከፈሉት 5,400 ብር ዛሬ እስከ 10 ሰዓት በቴሌብርዎ ይገባል። ካርቶኖቹ የት ላይ እንደተለዋወጡ ገና እያጣራሁ ነው። የደረስኩበትን እስከ ሐሙስ ራሴ ደውዬ እነግርዎታለሁ።
>
> የእናታችን ጤና አሳስቦኛል። አሁን እንዴት ናቸው? ከክሊኒኩ የተሰጠ ወረቀት ካለ ይላኩልኝ፣ አይቼው እንነጋገራለን። ስለጠየቁኝ ሌላውም ነገር በጽሑፍ ከምንመላለስ ፊት ለፊት ብንነጋገር እመርጣለሁ። በሚመችዎት ቀን ቤትዎ ልምጣ።»

የአደራውን ነገር አላወጣሁትም። ይቅርታ ልደታ ሰፈር፣ እሷን ትቼ መላክ አልቻልኩም።

---

ባለ ኦቨኑ · ሰኞ፣ 7፡50

ጥሩ ነው። «ሌላ የጾም ኬክ በነጻ እንሠራለን» አለማለትሽን ወድጄዋለሁ። ክሬምሽን ሳትመረምሪ ብትልኪላትና ኬዚኔት ቢገኝበት ሁለተኛ ጊዜ ሊሆን ነበር።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ · ሰኞ፣ 7፡55

እኔ እዚህ እንዲህ መጻፍ አልችልም፣ ኢንሹራንሴ አይፈቅድልኝም። ግን ያችን እናት እንዲህ ብዬ ባናግራት ኖሮ ሁለት ወር እንደማንሟገት አሁን ይታየኛል። «እናታችን እንዴት ናቸው» የሚለውን እኔ አልጠየቅኩም ነበር። ስለ ገንዘቡ ብቻ ነበር የጻፍኩት።

---

ልደታ ሰፈር · ሰኞ፣ 8፡00

ላኪው። የገባሽውን ቀጠሮ ብቻ ጠብቂ። 10 ሰዓት ካልሽ 10 ሰዓት፣ ሐሙስ ካልሽ ሐሙስ። ቪዲዮ ከወጣ ከሥሩ ሁለት መስመር ጻፊ፣ «ትዕዛዙ ተሳስቶ ደርሷል፣ ይቅርታ ጠይቀናል፣ ከደንበኛችን ጋር በቀጥታ እየተነጋገርን ነው።» የሷን ስም፣ ያዘዘችውን፣ የአማቷን ነገር አደባባይ ላይ አታንሺ። ከአስተያየት ሰጪ ጋርም አትከራከሪ።

---

ሰብለ ኬክ ቤት · እሁድ፣ ከሰዓት 10፡15

ዜና ይዤ መጥቻለሁ። ሰኞ ማታ «ገንዘቡ ደርሶኛል፣ ቅዳሜ ነይ» የሚል አንድ መስመር መለሰችልኝ። ቪዲዮ አልለቀቀችም። ሐሙስ ደውዬ ማን እንደቀያየረው እስካሁን እንዳላወቅሁ፣ ካርቶናችን ላይ ግን ምንም እንደማንጽፍ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እሱንስ ገመትኩት» አለች።

ትናንት ከአክስቴ ጋር ሄድኩ። እማማ ዘነበች፣ ነጠላ ለብሼ ነው የሄድኩት። ቡና ተፈላ። ሕፃኗን አሳየችኝ። አማቷ ድነዋል፣ እዚያው ተቀምጠው ነበር። የክሊኒኩ ወረቀት 1,850 ብር ይላል፣ ጨጓራ ተብሎ ነው የታከሙት። እሳቸው ራሳቸው «ጨጓራዬ የቆየ ነው» አሉ። እኔ በኬኩ ነው ወይም አይደለም አላልኩም። አክስቴ ግን «ለእናታችን መድኃኒት መግዣ ይሁን» ብላ ልትሰጥ ስትል የደንበኛዬ ባል ከለከላት። እሱ አሁንም 60,000 ይላል። ሚስቱ «በቃ» ትላለች። ሳንጨርስ ተነሳን።

ልደታ ሰፈር፣ 1,850ውን ልክፈል ወይስ ልጠብቅ?

---

ልደታ ሰፈር · እሁድ፣ 11፡00

መክፈል ከፈለግሽ ክፈዪ፣ ግን ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላና በወረቀት። ከዚያ በፊት ብትከፍዪው ባሏ ነገ «ሕመሙን አምናለች» ይላል። ወረቀቱ አጭር ይሁን። ሁለታችሁ በዚያ ትዕዛዝ ምክንያት ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ በዚህ ገንዘብ ጨርሳችኋል፣ የተከፈለውም ጉዳዩን በስምምነት ለመጨረስ እንጂ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ተወስኖ አይደለም። ሁለት ምስክር ይፈርም። እንዲህ ያለ ስምምነት በሕጋችን በመሀላችሁ ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው የሚቆጠረው። ባሏም ይፈርም፣ እሷ ብቻ እንዳትሆን።

---

ሰብለ ኬክ ቤት · እሁድ፣ 11፡20

እሺ። ባሏ አርብ እደውላለሁ ብሏል። እስከዚያ ካርቶን ማተሚያ ቤት ሄጄ አረንጓዴ ወረቀት አሳትሜያለሁ፣ «የጾም» ይላል፣ ክዳኑ ላይ የሚለጠፍ። ሞተረኛው ከመውጣቱ በፊት ስሙን ጮክ ብሎ አንብቦ ነው የሚወስደው። የክሬሙን ዱቄት ከኋላው አነበብኩት ባለ ኦቨኑ። ኬዚኔት አለበት። አሥራ አንድ ፓኬት ነበረኝ፣ ለፍስክ ብቻ ብዬ ለይቼዋለሁ። እስካሁን የጾም ብዬ ለሸጥኩላቸው ደንበኞች ምን ብዬ እንደምነግራቸው ገና አላውቅም።

---

ባለ ኦቨኑ · እሁድ፣ 11፡35

እኔ ነግሬያቸዋለሁ፣ ሱቄ ላይ ለጥፌ። ነገ ደውዪልኝ፣ የጻፍኩትን ፎቶ እልክልሻለሁ።